ማሽኑ መከላከያውን ያጣው ለምንድን ነው?

በዳቦና በብስኩት ፋብሪካዎች ውስጥ ሊጥ የሚሳሳበት ማሽን አለ። ሁለት የብረት ሮለሮች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ይሽከረከራሉ፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ሊጡን የሚያመላልሱ ሁለት የሸራ ቀበቶዎች ተዘርግተዋል። ሠራተኛዋ ሊጡን በአንድ በኩል ትሰጠዋለች፣ በሌላ በኩል ሳስቶ ይወጣል። ከዚያ አቅጣጫውን ቀይራ መልሳ ትሰደዋለች። በየምልልሱ በሮለሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት እያጠበበች ሊጡ የሚፈለገውን ውፍረት እስኪይዝ ትቀጥላለች። ሥራው ቀላል ነው፤ አዲስ ሠራተኛ በግማሽ ቀን ይለምደዋል።

ከሮለሮቹ ፊት በሁለቱም በኩል በማጠፊያ የተያዘ የብረት ፍርግርግ አለ። መከላከያው ይህ ነው፤ በየፋብሪካው ብዙ ሰው «ጋርድ» ይለዋል። ማሽኑ ሲሠራ ፍርግርጉ ከተነሣ ሮለሮቹ እንዲቆሙ ተደርጎ ተሠርቷል። ሆኖም አንዲት አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያ ቀኗ ማሽኑ ዘንድ ስትደርስ ፍርግርጉ ወደ ላይ ተነሥቶ በገመድ ታስሮ፣ ማሽኑም እንዲያው እየሠራ ልታገኘው ትችላለች። ከጎኗ ያለችው ነባር ሠራተኛ «አይዞሽ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሠራው» ትላታለች።

የሥራ መግቢያ ስልጠና የሚጠቅም መሆን አለመሆኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ስልጠናው «ጋርድ አታንሡ» ብሎ ያልፋል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለዚህች ልጅ ግን መልስ አይሆናትም፤ ጋርዱን ያነሣችው እሷ አይደለችምና። ስትመጣ ተነሥቶ ነው ያገኘችው። እሷ ማወቅ ያለባት ጋርዱ ከምን እንደሚጠብቃት፣ በትክክል መሥራቱን በምን እንደምታውቅ፣ ካልሠራ ደግሞ ለማን፣ ምን ብላ እንደምትናገር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር ሊነገራት ይገባል፦ ጋርድ ያለ ምክንያት አይነሣም። ከተነሣ አንድ ያልተፈታ የሥራ ችግር አለ ማለት ነው፤ መነገር ያለበትም ያ ምክንያት ጭምር ነው።

የሚያስገባ ጎን፣ የሚያስወጣ ጎን

ሁለት ሮለሮች ተጠጋግተው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሽከረከሩ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ በሌላው በኩል ወደ ውጭ ይገፋሉ። የሚስበው ጎን ሊጥን ከጣት አይለይም፤ የነካውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የሚገፋው ጎን ግን እጅን መልሶ ያወጣል። ስለዚህ አሠልጣኙ አዲስ ሠራተኞችን ማንኛውም ሮለር፣ ቺንጋና ፑሌጃ ወይም ጥርሳም ጎማ ፊት አቁሞ መጀመሪያ ሊያስጠይቃቸው የሚገባው ጥያቄ «የሚያስገባው በየት በኩል ነው?» የሚል ነው። ቺንጋ ፑሌጃ ላይ የሚጠመጠምበት ቦታ፣ ሁለት ጥርሳም ጎማዎች የሚገናኙበት ቦታ፣ ማመላለሻ ሸራ ከጫፉ ሮለር ጋር የሚገጥምበት ቦታ ሁሉም የሚያስገባ ጎን አላቸው።

የሊጥ ማሽኑ ግን አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። አቅጣጫውን ስለሚቀይር፣ አሁን የሚያስወጣው ጎን ከአፍታ በኋላ የሚያስገባ ይሆናል። ሊጡ የሚወጣበትን ጎን «ይህኛው ችግር የለውም» ብላ የለመደች ሠራተኛ፣ የሥራ ጓደኛዋ አቅጣጫውን ሲቀይር እጇ በሚስበው ጎን ላይ ይሆናል። ፍርግርጉ በሁለቱም በኩል የተሠራው ለዚህ ነው፤ የአንዱ ጎን ጋርድ መታሰሩም «ግማሹ አለ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ብዙ ሰው ያልገመተው ነገር ፍጥነቱ ነው። የእንዲህ ያለ ማሽን ሸራ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። ለዓይን ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ከዚያ በላይ ፈጥኖ ይራመዳል። ነገር ግን ሰው አንድ ነገር ጣቱን ሲይዘው አይቶ፣ ተረድቶ፣ እጁን ለመሳብ እስኪነሣ ድረስ ንቁ ሆኖ እየጠበቀ እንኳ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በዚያች ሩብ ሰከንድ ሮለሩ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ስቧል። ሐሳቡ ሌላ ቦታ የነበረና የደነገጠ ሰው ደግሞ ግማሽ ሰከንድ ቢወስድበት 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአዋቂ ሰው እጅ ከመሐል ጣት ጫፍ እስከ አንጓው 18 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ «ከያዘኝ ፈጥኜ እስበዋለሁ» የሚለው ሐሳብ በቁጥር ሲታይ አይሠራም። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍም ቢሆን የሚጫነው ሰው ከተያዘ በኋላ ነው፤ ጉዳቱን እንዳይብስ ያደርጋል እንጂ ጋርድን አይተካም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገር፣ ብዙ ጊዜ ግን በስሕተት የሚነገር ነገር ጓንት ነው። «መከላከያ ልበሱ» የሚለው ጥቅል ምክር ለሚሽከረከር ማሽን ሲሆን ሊጎዳ ይችላል። ጓንት ብረት ወይም ትኩስ መጥበሻ ለሚይዝ እጅ ጥሩ ነው፤ በሚሽከረከር ሮለር አጠገብ ግን ጨርቁ ከጣት በፊት ይያዝና ጣቱን ተከትሎ እንዲገባ ያደርጋል። ቀለበት፣ የእጅ አምባር፣ የተንጠለጠለ የእጅጌ ጫፍ፣ ነጠላና ሻርፕ፣ የተለቀቀ ፀጉርም እንደዚያው ናቸው። ማተብ የሚያስር ሰው ከሸሚዙ ሥር ያድርገው፤ ሂጃብ የምታደርግ ጫፉን ከጋውኗ ውስጥ ታስገባ። አሠልጣኝ ይህን ሲናገር ማንንም ሳያሳፍር፣ ለምን እንደሆነ አስረድቶ፣ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ጊዜ ሰጥቶ መሆን አለበት።

ፍርግርግ ሁሉ ጋርድ አይደለም

የታሰረውን ጋርድ አውርዶ መዝጋት የመጀመሪያው ነገር ነው። ነገር ግን በፋብሪካ ውስጥ የተሰበረ ጋርድ ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ ብየዳ ይተካል፤ ያኔ ጋርድ የሚመስል ነገር ግን የማይጠብቅ ፍርግርግ ይሠራል። ልዩነቱ በቀዳዳው ስፋትና ከሮለሩ ባለው ርቀት ላይ ነው።

ይህን የሚወስን ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር እጅ ጠልቆ ይገባል፤ ስለዚህ ፍርግርጉ ከአደጋው ቦታ መራቅ አለበት። ስፋቱ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ክፍተት የጣት ጫፍ እንኳ አያስገባም፤ ፍርግርጉ ከሮለሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢርቅ ይበቃል። ክፍተቱ 12 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጣት ይገባል፤ ስለዚህ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። ረጅሙ ክፍተት ከ20 ሚሊ ሜትር አልፎ ወደ 30 ሲጠጋ ደግሞ ክንድ ሊሾልክ ስለሚችል የሚፈለገው ርቀት በአንድ ጊዜ ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ይዘላል። አንድ በያጅ ብረት ለመቆጠብ በዘንጎቹ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ቢተውና ፍርግርጉን ከሮለሩ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያስር፣ ከሩቅ ሲታይ ጋርድ አለ፤ እጅ ግን ሮለሩ ጋ ይደርሳል። አዲስ ሠራተኛ መለኪያ ይዞ መዞር አይጠበቅበትም። ማሽኑ ከመብራቱ ተነጥሎ በቆመበት ሰዓት «ጣቴ በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ሮለሩን ይነካል?» ብሎ ማየት ግን ይችላል። የሚነካ ከሆነ ያ ፍርግርግ ለጌጥ ነው።

ሌላው የጋርድ ዓይነት በብሎን የሚታሰር ነው። የሞተሩ ቺንጋና ፑሌጃ የሚሸፈኑት በእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ በቀን በቀን የሚከፈት ቦታ ስላልሆነ ያለ መፍቻ እንዳይነሣ ይደረጋል። እዚህ ላይ ምልክቱ ብሎኑ ነው። በአራት ብሎን መታሰር ያለበት ሽፋን በአንድ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ወይም በሽቦ ከተቋጠረ፣ መካኒኩ ደጋግሞ የሚከፍተው ምክንያት አለው ማለት ነው። ምናልባት ቺንጋው እየላላ በየጊዜው መወጠር ፈልጓል፤ ምናልባትም ኩሽኔታው ቅባት ይጠይቃል። የጠፋው ብሎን ስለ ሌላ ብልሽት እየተናገረ ነው።

ሺፍት ሲጀመር የሚደረግ ፍተሻ

ፍርግርጉ ሲነሣ ማሽኑን የሚያቆመው በማጠፊያው አጠገብ ያለች ትንሽ ማብሪያ ናት። ጋርዱን አስረው ማሽኑን የሚያሠሩ ሰዎች ይህችን ማብሪያ በፕላስተር፣ በተጠቀለለ ወረቀት ወይም በማግኔት ያታልሏታል። ስለዚህ ጋርዱ በቦታው መሆኑን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ትናንት ታስሮ የነበረ ጋርድ ዛሬ ቢወርድም ማብሪያዋ ገና በፕላስተር እንደ ተያዘች ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው ሊጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከሁለት ደቂቃ በታች የሚወስድ ፍተሻ ነው። ማሽኑ ባዶውን ይነሣና የአንዱ ጎን ጋርድ ጥቂት ከፍ ይደረጋል፤ ሮለሮቹ ወዲያው መቆም አለባቸው። ከዚያ ጋርዱ ይዘጋል፤ ማሽኑ በራሱ መነሣት የለበትም፣ ማስነሻው እንደ ገና ሲጫን ብቻ ይነሣል። ይኸው በሌላው ጎን ይደገማል። በመጨረሻ ቀዩ ቁልፍ ይጫናል፤ ማሽኑ ይቆማል። ቁልፉ ዞሮ ወይም ተስቦ ሲመለስም ማሽኑ ዝም ማለት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ ማሽኑ ለሥራ አልደረሰም።

በዚህ ፍተሻ ውስጥ በጆሮና በዓይን የሚያዝ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። መሐንዲሶች ጋርድ ሲሠሩ የሰው እጅ በሰከንድ 1.6 ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል ብለው ያሰላሉ። ሮለሩ ከጋርዱ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጋርዱን ያነሣ እጅ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ጊዜ ውስጥ ሮለሩ ላይ ይደርሳል። ሮለሩ ከዚያ በፊት መቆም አለበት። ፍሬኑ ሲያረጅ ግን ማሽኑ «ይቆማል»፣ ነገር ግን ጥቂት ዞሮ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ማየት ያለባት መቆሙን ብቻ ሳይሆን እንደ ትናንቱ ፈጥኖ መቆሙን ነው። «ድሮ ቀጥ ይል ነበር፣ አሁን ይንሸራተታል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለመካኒኩ ትልቅ መረጃ ነው።

መብራት ሲጠፋ

በአገራችን ፋብሪካዎች ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ሰዓት አለ፦ መብራት የጠፋበት ሰዓት። ማሽኑ ጸጥ ይላል፤ ሊጡ በሮለሮቹ መካከል እንደ ተያዘ ይቀራል። «መብራት የለም፣ እስኪመጣ ላጽዳው» ብሎ እጅ ማስገባት የተለመደ ነው። ከዚያ ጀነሬተሩ ይነሣል፣ ወይም መብራቱ ይመለሳል።

ኮንታክተር ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሣም፤ ማስነሻው መጫን አለበት። ኮንታክተር የሌለው፣ በቀጥታ በእጅ በሚዞር ማብሪያ የሚሠራ ማሽን ግን ማብሪያው «በርቷል» ላይ እንዳለ ከቀረ መብራቱ በመጣበት ቅጽበት ይነሣል። የትኛው ማሽን የትኛው እንደሆነ የፋብሪካው ኤሌክትሪሻን ያውቃል። አዲስ ሠራተኛ በራሱ እንዲሞክረው አይደለም፤ እንዲጠይቀው ነው፦ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ይህ ማሽን በራሱ ይነሣል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ወይም የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ ያ ራሱ መመዝገብ ያለበት አደጋ ነው።

መብራት ኖረም አልኖረም፣ እጅ ከጋርዱ ውስጥ የሚገባው ማሽኑ ከኤሌክትሪኩ ከተነጠለ በኋላ ብቻ ነው። ማሽኑ ይጠፋል፤ ዋናው ማብሪያ ይዘጋል ወይም ሶኬቱ ይነቀላል። የሚያጸዳው ሰው የራሱን ቁልፍ ጋን ያስርበትና መፍቻውን ኪሱ ውስጥ ይይዛል፤ ሁለት ሰዎች ካሉ ሁለት ቁልፍ ይንጠለጠላል። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ አለ፦ ማስነሻው ይጫናል። መብራት በሌለበት ዝምታው ምንም አያረጋግጥም፤ መብራት ባለበት ግን ማሽኑ ዝም ካለ ተነጥሏል፤ ከተነሣ ግን የተዘጋው የሌላ ማሽን ማብሪያ ነበር። ማሽን እየዞረ ማጽዳት የቆየ የአደጋ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኖች እንዲታጠሩ ባዘዘበት በዚያው ጊዜ፣ ሕፃናትና ወጣቶች እየዞረ ያለን ማሽን እንዳያጸዱ ከልክሎ ነበር፤ አደጋ ሲደርስ እንዲነገርም አዟል።

ቁጥር 3 ማሽን ላይ የሆነው

አሁን ወደ ታሰረው ጋርድ እንመለስና ነገሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ማሽኑ ቁጥር 3 ነው እንበል፤ ልጅቷም ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ሺፍት ስትገባ የቀኙ ጋርድ ታስሯል። የመጀመሪያ ሥራዋ ማሽኑን ማጥፋት ነው፤ ቀጥሎ ሱፐርቫይዘሩን መጥራት።

«ጋሼ፣ የቁጥር 3 የቀኝ ጋርድ በገመድ ታስሯል፤ ማብሪያዋም ላይ ፕላስተር አለ። አጥፍቼዋለሁ።»

«ሊጡ ተቦክቶ እየጠበቀ ነው እኮ! ለዛሬ ቀጥዪና ነገ እናየዋለን።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ እንዲህ ሆኖ እጄን አላቀርብም። እስኪስተካከል ሌላ ሥራ ይመድቡኝ፤ ሊጡን ወደ ቁጥር 2 ላዙረው?»

ይህ ንግግር ድፍረት ይጠይቃል፤ በተለይ ከገጠር መጥታ የመጀመሪያ ደመወዟን ገና ላልተቀበለች ልጅ። ስለዚህ በስልጠናው ላይ ቃሉ በአፍ መለማመድ አለበት፤ አሠልጣኙ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ይቆጣ፣ ሠልጣኞቹ በየተራ ይመልሱ። ትሕትናው እንዳለ ሆኖ አራት ነገሮች ግን መኖር አለባቸው፦ የትኛው ማሽን፣ ምን እንደታየ፣ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደሚፈለግ።

ከዚያ በጽሑፍ ይደገማል። በቃል የተነገረ ነገር ሺፍት ሲቀየር ይጠፋል፤ በመዝገብ ወይም በቅጽ የገባ ግን ቀንና ሰዓት አለው። መጻፍ የማትችል ወይም አማርኛ የማትጽፍ ሠራተኛ በምትችለው ቋንቋ ትናገርና ሌላ ሰው ይጻፍላት። ጥሩ ሪፖርት ይህን ይመስላል፦

«የሊጥ ማሽን ቁጥር 3። የቀኝ ጋርድ ተነሥቶ ታስሯል፤ ማብሪያው በፕላስተር ተይዟል። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስንጀምር አየሁት። ሊጥ ስንሰጥ እጅ ሮለሩ ጋ ይደርሳል። ማሽኑን አጥፍቼ ለሱፐርቫይዘር ነግሬያለሁ። ጋርዱን የሚያነሡት ሊጥ በላይኛው ሮለር ላይ እየተጠቀለለ በየጊዜው መላጥ ስላለበት ነው።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። እሱ ባይኖር ኖሮ መካኒኩ ገመዱን ይቆርጣል፣ ፕላስተሩን ያነሣል፣ ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ሊጡ እንደ ገና ይጠቀለላል፤ ጋርዱም ተመልሶ ይታሰራል። ምክንያቱ ስለ ተጻፈ ግን መካኒኩ ሮለሩን ይመረምራል። በእያንዳንዱ ሮለር ላይ ሊጡን የሚልጥ ቀጭን ምላጭ መሰል መፋቂያ አለ፤ ጠርዙ ሲያልቅ ወይም ከሮለሩ ሲርቅ ሊጡ ከማለፍ ይልቅ ይጠቀለላል። መፋቂያው አልቋል። መካኒኩ ይቀይረዋል። የሊጥ ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ውኃው በዝቶ ሊጡ እንዳልቀጠነ፣ የሚነሰነሰው ዱቄት እንዳላነሰ ያያል። መፋቂያው በየጊዜው የሚታይበት ቀን በጥገና ሰሌዳ ይገባል። ከዚህ በኋላ ጋርዱን ማንም አያነሣውም፤ የሚያነሣበት ምክንያት የለማ።

እዚህ ላይ ለነባሮቹ ሠራተኞች ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ጋርዱን ያሰሩት ሰዎች ሰነፎች ወይም ግድየለሾች አይደሉም። በሰዓት ይህን ያህል ሊጥ አውጡ ተብለዋል፤ ማሽኑ በየአሥር ደቂቃው እየቆመ ያንን ማድረግ አልቻሉም፤ በእጃቸው የነበረው መፍትሔ ገመድ ብቻ ሆነ። «ማን ነው ያሰረው?» ተብሎ ቢጀመር ሁሉም ዝም ይላል፤ ያለቀው መፋቂያም ሳይገኝ ይቀራል። «ለምን ታሰረ?» ተብሎ ሲጀመር ነው መልሱ የሚመጣው።

ሪፖርት የሚጻፈው ጉዳት ሲደርስ ብቻ አለመሆኑም መነገር አለበት። እጅጌ ተይዞ ቢቀደድ፣ ማሽን በራሱ ቢነሣ፣ ጣት ሊያዝ ሲል ቢተርፍ፣ «እግዚአብሔር አተረፈኝ» ተብሎ ከታለፈ ያው ማሽን ነገ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ያለ ጉዳት ያለፈ አደጋ ከደረሰው አደጋ ጋር አንድ ዓይነት ምክንያት አለው፤ ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስተምር፣ የደኅንነት ኃላፊ እንዲመድብና ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዛል። በአንቀጽ 93 ሠራተኛው በመሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለትና በራሱ ሊያስወግደው ያልቻለውን አደጋ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ ቁጥር 3ን ያመለከተችው ልጅ ግዴታዋን ነው የፈጸመችው። አንቀጽ 94 ደግሞ የደኅንነት መሣሪያን ማንሣት፣ ማዛወር ወይም ማበላሸት ይከለክላል፤ ጋርድ የሚያስረው እጅ የማንም ይሁን የማን።

ሠራተኛው በተለይ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሆኖም ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ፣ ሆን ብሎ ራሱን እንደ ጎዳ ሊቆጠርበት ይችላል። «ጋርድ እንዳታነሡ» የሚል መመሪያ ተሰጥቶት ሳለ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ያነሣ ሰው አካሉን ብቻ ሳይሆን ካሳውንም አደጋ ላይ ይጥላል። ሪፖርት ያደረገ ሰው ግን ምን እንዳወቀና ምን እንዳደረገ በቀን የተመዘገበ ማስረጃ አለው።

ተነግሮም ካልተስተካከለስ? ከሱፐርቫይዘሩ ቀጥሎ የደኅንነት ኃላፊው ወይም ኮሚቴው፣ ማኅበር ካለ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከፋብሪካው ውጭ ደግሞ የአካባቢው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል አለ። አዋጁ በአንቀጽ 32 ላይ አሠሪው የቀረበ አደጋ መኖሩን አውቆ በተሰጠው ጊዜ ካላስወገደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችልም ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነትም በሕይወቱ ወይም በጤናው ላይ ከባድ አደጋ ቀርቧል ብሎ በበቂ ምክንያት ከማሽኑ የራቀን ሠራተኛ ከቅጣት ይጠብቃል።

ሪፖርቱ መልስ ሲያገኝ

ሪፖርት የሚሞተው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ መልስ ባለማግኘት። ልጅቷ ማክሰኞ ጽፋ እስከ ዓርብ ማንም ምንም ካላላት፣ ሁለተኛ አትጽፍም፤ ከጎኗ ያሉት ደግሞ መጀመሪያውንም አይጽፉም። መፋቂያው ከውጭ የሚመጣና አንድ ወር የሚፈጅ ቢሆን እንኳ «ታዟል፤ እስከዚያ ቁጥር 3 ተዘግቷል፣ ኮታችሁም ተቀንሷል» የሚል ቃል በዚያው ቀን መነገር አለበት። የኮታው ነገር ዋና ነው፤ አንድ ማሽን ቀንሶ ያንኑ ምርት መጠየቅ ቀጣዩን ጋርድ ማሳሰር ነው።

አዲስ ገቢዎች ላይ ማተኮር የሚያስፈልግበትም ምክንያት አለ። በካናዳ ቶሮንቶ የሚገኘው የሥራና ጤና ተቋም ባደረጋቸው ጥናቶች፣ በሥራ ገበታ ላይ የመጀመሪያ ወሩን የያዘ ሠራተኛ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት የሚደርስበት ዕድል ከዓመት በላይ ከሠራው ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ከዚሁ ጋር አዲሱ ሠራተኛ ነባሩ የለመደውን ገመድ ገና በእንግዳ ዓይን የሚያይ ብቸኛ ሰው ነው። ከወር በኋላ እሱም ይለምደዋል።

ስለዚህ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ስልጠናው መሥራቱን ለማወቅ የፊርማ ዝርዝር አይጠቅመውም። በዚህ ወር የገቡት ሠራተኞች ስንት ጉድለት እንዳመለከቱና ከእነዚያ ስንቱ እንደተስተካከለ መዝገቡን ያውጣና ያንብብ። ሠላሳ ሰው ገብቶ አንድም ሪፖርት ከሌለ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ደኅና ናቸው ብሎ አያረፍ፤ ቢሮውን ትቶ ይውረድና የትኛው ጋርድ እንደታሰረ በዓይኑ ይይ፣ ከዚያም ለምን እንደታሰረ ይጠይቅ።